ረድፉም ዓምዱም ልክ ነው፣ ሳጥኑ ግን ተሳስቷል

ጥያቄ፦ ሱዶኩ ሞልቼ ስጨርስ መጀመሪያ ዘጠኙን ረድፍ፣ ከዚያ ዘጠኙን ዓምድ አያለሁ። ይሄኛውንም እንደዚያው አየሁት፤ ምንም የተደገመ የለም። የመጽሔቱ መልስ ግን ከእኔ በአራት ቤት ይለያል። ሳጥኖቹን ሳያቸው ሁሉም ደህና ይመስሉኛል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ሳጥን እንዴት ነው የሚፈተሸው? ደምሮ 45 መምጣቱን ማየት ይበቃል?

```
7 5 8 | 4 6 3 | 1 2 9
9 1 7 | 8 5 2 | 6 3 4
2 6 4 | 1 9 7 | 3 5 8
------+-------+------
6 3 2 | 5 8 4 | 9 1 7
8 7 9 | 2 3 1 | 5 4 6
1 4 5 | 6 7 9 | 2 8 3
------+-------+------
4 8 6 | 3 1 5 | 7 9 2
5 2 3 | 9 4 6 | 8 7 1
3 9 1 | 7 2 8 | 4 6 5
```

ምላሽ፦ ረድፎቹንና ዓምዶቹን እኔም አንድ በአንድ አየኋቸው። እዚያ ላይ ልክ ነዎት፤ አንድም የተደገመ ቁጥር የለም። ስህተቱ ያለው አራቱ የማዕዘን ሳጥኖች ውስጥ ነው። ከላይ በግራ ያለው ሳጥን ሁለት 7 አለው፤ 3 የለውም። ከላይ በቀኝ ያለው ሁለት 3 አለው፤ 7 የለውም። ከታች በግራም 3 ተደግሞ 7 ጎድሏል። ከታች በቀኝ ደግሞ 7 ተደግሞ 3 ጎድሏል። የቀሩት አምስት ሳጥኖች ደህና ናቸው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ተመልሰው የመጀመሪያውን ሳጥን ብቻ ይዩት።

```
7 5 8
9 1 7
2 6 4
```

ሁለቱ 7ቶች አንዱ ላይኛው ጥግ ላይ፣ ሌላው ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ነው። አግድም ቢያነቡ 758፣ 917፣ 264 ነው፤ በየመስመሩ የተደገመ የለም። ወደ ታች ቢያነቡ 792፣ 516፣ 874 ነው፤ አሁንም የለም። ሳጥኑ ደህና የመሰለዎት ለዚህ ነው። ዓይናችን በመስመር ማንበብ ለምዷል። ሳጥኑንም ሳናውቀው በሦስት አጫጭር መስመሮች ከፍለን እናነበዋለን። በመስመር ካነበብነው ደግሞ ረድፉን ያለፈ ስህተት እዚህም ያልፋል።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ረድፉና ዓምዱ ንጹሕ ከሆኑ፣ ሳጥን ውስጥ የተደገመ ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ሊገኝ አይችልም። ቢገኝማ ረድፉ ወይም ዓምዱ ያጋልጠው ነበር። ስለዚህ የቀረው ድግግሞሽ ሁልጊዜ በአግድምም በቁመትም በማይገናኙ ሁለት ቤቶች ውስጥ ነው የሚደበቀው። አንድ ቤት በሳጥኑ ውስጥ እንዲህ የማይገናኛቸው ቤቶች አራት ብቻ ናቸው። ለምሳሌ የላይኛው የግራ ጥግ ቤት መነጻጸር ያለበት ከመሀሉ፣ ከመሀሉ በስተቀኝ ካለው፣ ከመሀሉ በታች ካለውና ከተቃራኒው ጥግ ጋር ነው። ከሌሎቹ አራቱ ጋር ያለውን ረድፍና ዓምድ ሲፈትሹ ጨርሰዋል።

ይህን ካወቁ በኋላ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። እኔ ግን የምመክርዎት ሌላ መንገድ ነው። ሳጥን በሳጥን ሳይሆን ቁጥር በቁጥር ይሂዱ።

የላይኞቹን ሦስት ረድፎች ብቻ ይውሰዱ። እዚያ ውስጥ ሦስት ሳጥኖች አሉ፤ ግራ፣ መሀልና ቀኝ። አንድ ቁጥር ይምረጡና በየረድፉ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደወደቀ ጮክ ብለው ይናገሩ። 1ን እንሞክር። በመጀመሪያው ረድፍ ቀኝ ነው። በሁለተኛው ግራ ነው። በሦስተኛው መሀል ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ መሀል፤ ሦስቱም ተለያዩ፤ 1 አለፈ። 9ን ደግሞ እንይ። ቀኝ፣ ግራ፣ መሀል፤ እሱም አለፈ። አሁን ወደ 7 እንምጣ። በመጀመሪያው ረድፍ ግራ፣ በሁለተኛው ግራ፣ በሦስተኛው መሀል። ግራ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ቀኝ አልተጠራም። ተያዘ ማለት ነው። 3ም እንዲሁ ነው፤ መሀል፣ ቀኝ፣ ቀኝ።

በዚህ መንገድ የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዘጠኝ የተለያዩ ቁጥሮችን በአንዴ በአእምሮዎ መያዝ አይጠበቅብዎትም። መልሱም ሦስት ቃል ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተደገመ ጆሮዎ ይሰማዋል። ዓይን የዘለለውን ብዙ ጊዜ ጆሮ ይይዘዋል፤ ጮክ ብለው ይናገሩ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። የተደገመው ቁጥር የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለና የትኛው ሳጥን እንደጎደለው በአንድ ጊዜ ይነግርዎታል። 7 «ግራ፣ ግራ፣ መሀል» ሲል ግራው ተርፎታል፣ ቀኙ ጎድሎታል ማለት ነው።

ለዘጠኙ ቁጥሮች ይህን በላይኞቹ ሦስት ረድፎች፣ ከዚያ በመካከለኞቹ ሦስት ረድፎች ያድርጉ። በእርስዎ ሰንጠረዥ መካከለኞቹ ረድፎች ላይ 7 ቀኝ፣ ግራ፣ መሀል ነው፤ 3 ደግሞ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ። ሁለቱም ደህና ናቸው። የታችኞቹን ሦስት ረድፎች ግን ዓምዶቹን ቀድመው በደንብ ከፈተሹ መተው ይችላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሦስት ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ እያንዳንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ይይዛሉ። የላይኛው ሳጥን አንዱን ወሰደ፣ የመካከለኛው አንዱን ወሰደ፤ ለታችኛው የሚቀረው በግድ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ልክ ከሆኑ ሦስተኛው ሊሳሳት አይችልም። ዓምዶቹን ካልፈተሹ ግን ይህ አይሠራም፤ የታችኞቹንም ማየት አለብዎት።

ይኸው ሐሳብ በሌላ በኩልም ይጠቅማል። ረድፍና ዓምድ ንጹሕ ከሆኑ አንድ ሳጥን ብቻውን ሊሳሳት አይችልም። የላይኞቹ ሦስት ረድፎች 7ን ሦስት ጊዜ ነው የያዙት። የግራው ሳጥን ሁለቱን ከወሰደ ለሁለት ሳጥን አንድ 7 ብቻ ቀረ፤ ስለዚህ አንደኛው ያለ 7 ይቀራል። በጎን ሌላ የተሳሳተ ሳጥን አለ ማለት ነው። ወደ ታች ሲቆጥሩም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ስናገናኝ የተሳሳቱት ሳጥኖች ቢያንስ አራት ይሆናሉ። የእርስዎ ሰንጠረዥ ላይ የሆነውም የመጨረሻው ትንሹ ነው። ይህን ለምን አልኩ? አንድ ቀን ረድፉም ዓምዱም ልክ ነው ብለው አንድ የተሳሳተ ሳጥን ብቻ ካገኙ፣ ፍተሻው ራሱ ጎድሏል ማለት ነው። ወይ አንድ ረድፍ ወይም ዓምድ ላይ ዓይንዎ ዘሏል፣ ወይ ሌሎቹን ሳጥኖች ገና አላገኟቸውም።

ወደ 45 እንምጣ። በእርስዎ ሰንጠረዥ ላይ ድምሩ ይሠራ ነበር። ከላይ በግራ ያለው ሳጥን 49 ይመጣል፤ 3 ወጥቶ 7 ስለገባ አራት ጨምሯል። ከላይ በቀኝ ያለው 41 ነው። ከታች በግራ 41፣ ከታች በቀኝ 49። ስለዚህ ደምረው ቢሆን ኖሮ ያገኙት ነበር። ግን 45 መጣ ማለት ሳጥኑ ልክ ነው ማለት አይደለም። 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ይደምሩ፤ 45 ነው። 1ና 4 የሉም፤ 2ና 3 ተደግመዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ለመዝጋት ማባዛትም ይጨምራሉ። ከ1 እስከ 9 ያሉት ሲባዙ 362880 ይመጣሉ። እሱም ቢሆን አይዘጋውም። 1፣ 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 7፣ 9፣ 9 ድምራቸው 45 ነው፤ ብዜታቸውም ልክ 362880 ነው። ሦስት 4፣ ሁለት 9፤ 3፣ 6ና 8 ግን የሉም። ስለዚህ ድምሩ ከ45 ከተለየ ሳጥኑ በእርግጥ ተሳስቷል። 45 ከመጣ ግን ገና ምንም አላረጋገጡም። ለዚያውም ዘጠኝ ቁጥር መደመር «ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ» ከማለት የበለጠ ያደክማል፤ እኔ በበኩሌ አልጠቀምበትም።

አሁን ስህተቱ እንዴት እንደገባ እንይ። መጽሔቱ በአራት ቤት ይለያል ብለዋል። እነዚያን አራት ቤቶች የመጽሔቱን መልስ ሳያዩም ማግኘት ይቻላል። የተደገሙትን ቁጥሮች ቦታ ይጻፉ። ከላይ በግራ ያሉት 7ቶች ረድፍ 1 ዓምድ 1 እና ረድፍ 2 ዓምድ 3 ላይ ናቸው። ከላይ በቀኝ ያሉት 3ቶች ረድፍ 2 ዓምድ 8 እና ረድፍ 3 ዓምድ 7 ላይ ናቸው። ከሁለቱ ሳጥኖች በአንድ ረድፍ ላይ የሚገናኙት የረድፍ 2ቱ ናቸው። ከታች በግራ 3ቶቹ ረድፍ 8 ዓምድ 3 እና ረድፍ 9 ዓምድ 1 ላይ ናቸው። ከታች በቀኝ 7ቶቹ ረድፍ 7 ዓምድ 7 እና ረድፍ 8 ዓምድ 8 ላይ ናቸው። እዚህ በአንድ ረድፍ የሚገናኙት የረድፍ 8ቱ ናቸው። ረድፍ 2ና ረድፍ 8፣ ዓምድ 3ና ዓምድ 8፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ገጠመ። ዓምድ 1 ላይም ከላይ 7፣ ከታች 3 አለ፤ ያ ሊያሳስትዎት ይችላል። ግን ረድፍ 1ን ተከትለው ወደ ቀኝ ሲሄዱ የተደገመ 3 አያገኙም፤ ስለዚህ አይገጥምም።

በአራት ማዕዘኑ ላይ አሁን ያለው ይህ ነው። ረድፍ 2 ላይ በግራ 7፣ በቀኝ 3። ረድፍ 8 ላይ በግራ 3፣ በቀኝ 7። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ረድፍ 2 ላይ 3ና 7፣ ረድፍ 8 ላይ 7ና 3። ሲቀያየሩ ረድፎቹ ያው 3ና 7 ይኖሯቸዋል፤ ዓምዶቹም እንዲሁ። ለዚህ ነው ረድፍና ዓምድ ብቻ የሚያይ ፍተሻ ሁለቱን መልሶች መለየት የማይችለው። ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱ ረድፎች ይህን ይመስላሉ፤ ላይኛው ረድፍ 2፣ ታችኛው ረድፍ 8 ነው።

```
9 1 3 | 8 5 2 | 6 7 4
5 2 7 | 9 4 6 | 8 3 1
```

አራቱም ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ይስተካከላሉ።

እንደኔ ግምት ይህ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። አራት ባዶ ቤት ሲቀር በረድፍ 2ም በረድፍ 8ም የጎደሉት 3ና 7 ናቸው። በዓምድ 3ም በዓምድ 8ም የጎደሉት እነሱው ናቸው። ሰው ደክሞታል፣ ሊጨርስ ነው፤ የቱም ይሄዳል ብሎ ይሞላል። በረድፍና በዓምድ ብቻ ካዩት እውነትም የቱም ይሄዳል። የሚወስነው ሳጥኑ ብቻ ነው። ከላይ በግራ ያለው ሳጥን ጥጉ ላይ 7 አለው፤ ስለዚህ ረድፍ 2 ዓምድ 3 ላይ 7 ሊገባ አይችልም። 3 መሆን አለበት፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከዚያ ይከተላሉ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥሮች በአራት ቤት ሲፋጠጡብዎት፣ እርሳሱን ከማሳረፍዎ በፊት ሳጥኑን ይዩ።

ሁሉም የአራት ቤት መቀያየር ግን ሳጥን አይሰብርም። እዚሁ ሰንጠረዥዎ ላይ ረድፍ 2ና ረድፍ 4ን፣ ዓምድ 4ና ዓምድ 5 ላይ ይዩ። ከላይ 8ና 5፣ ከታች 5ና 8 ነው። ቢቀያየሩ ረድፉም ዓምዱም ሳጥኑም ምንም አይሆኑም። ልዩነቱ ቤቶቹ ያሉበት ቦታ ነው። እዚህ 8ና 5 በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ስለሆኑ ከሳጥኑ አይወጡም። የእርስዎ 3ና 7 ግን በአራት የተለያዩ ሳጥኖች ነበሩ፤ ሲቀያየሩ እያንዳንዱ ሳጥን አንዱን አጥቶ ሌላውን ደገመ። የጎን ለጎኑ ዓይነት ሲገጥምዎት መፍትሔው ያለው ከመጀመሪያው በታተሙት ቁጥሮች ላይ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ሱዶኩ ከእነዚያ አራት ቤቶች ቢያንስ አንዱን አትሞ ይሰጥዎታል። ካልሰጠ ሱዶኩው ሁለት መልስ አለው፤ ጥፋቱ የአዘጋጁ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ሳጥኑ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማየት አንድ ቁጥር ልንገርዎት። ረድፍና ዓምድ ብቻ የሚጠብቅ ሰንጠረዥ ከሱዶኩ በፊትም ነበር። የላቲን ካሬ ይባላል፤ ሒሳበኛው ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዘመን አጥንቶታል። ዛሬ የምናውቀው ሱዶኩ አሜሪካ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ አዘጋጁ ሃዋርድ ጋርንስ እንደነበር ይታመናል፤ ዘጠኙ ሳጥኖችም የደንቡ አካል ነበሩ። ባለዘጠኝ የላቲን ካሬዎች ሁሉ ቢደረደሩ፣ የሳጥኑንም ደንብ የሚያልፈው ከ828 ሺህ ገደማ አንዱ ብቻ ነው። ረድፍና ዓምድ ብቻ ፈትሾ ማቆም ይህን ሁሉ ማጣሪያ መተው ነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ይህ የማስተካከያ ዘዴ የማይሠራበት ጊዜ አለ። የተሳሳቱት ሳጥኖች ከአራት በላይ ከሆኑ ወይም የተደገሙት ቤቶች አራት ማዕዘን ሆነው ካልገጠሙ፣ ሁለት ቁጥር በማቀያየር ሊያድኑት አይሞክሩ። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይፈርሳል። የታተሙትን ቁጥሮች ብቻ ትቶ ቀሪውን መደምሰስ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩ። ሱዶኩውን ከመጽሔት ወደ ደብተር ገልብጠው ከሆነ፣ ስድስት ሳጥኖች ተበላሽተው ሦስቱ ደህና ሆነው ካገኟቸው ሁለት ሙሉ ረድፎች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። ረድፍ 3 በረድፍ 4 ቦታ ቢጻፍ፣ ረድፎቹም ዓምዶቹም ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። የላይኞቹና የመካከለኞቹ ስድስት ሳጥኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻሉ፤ የታችኞቹ ሦስቱ አይነኩም። ረድፍ 1ና ረድፍ 2 ቢለዋወጡ ደግሞ ሳጥኖቹም ምንም አይሆኑም፤ ያንን የሚያጋልጠው የመጽሔቱን የታተሙ ቁጥሮች ከደብተሩ ጋር ረድፍ በረድፍ ማስተያየት ብቻ ነው።